ከመልቀቂያው በፊት የሚጻፍ ደብዳቤ

«ሜክሲኮ አካባቢ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ስድስት ዓመት ሞላኝ። የቀለሙና የቲነሩ ሽታ ደረቴን ጨርሶታል። ብለቅ ግን የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ማን ይከፍላል?»

ወንድሜ፣ መልቀቂያ ገና አታስገባ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። «ያስለኛል» ብቻ ብለህ አትመለስ። ሮለሩን በምን እንደምታጥብ፣ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ ንገረው። በእረፍት ቀን ቀለል ብሎህ ሥራ ስትገባ ደረትህ የሚታፈን ከሆነ ይህንንም ሳትረሳ አስረዳው። አስም ከሥራ መጣ ብለው የሚጠረጥሩት በዚህ ነው።

የሐኪም ወረቀት ከያዝክ የሕመም ፈቃድ አለህ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈልባቸዋል። ቀሪዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በግማሽ ደመወዝ ኪራይ እንደማይገፋ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ወር ግን ከሽታው ርቀህ ደረትህ ሲሻለው የምታይበት ነው።

ከዚያ ለአሠሪው ጻፍ። አደጋው ምን እንደሆነ፣ የምትጠይቀውም ምን እንደሆነ ይኑርበት፦ አየር ማስወጫ፣ ተገቢ ጭምብል፣ ወይም ወደ ጥረዛ ክፍል መዛወር። የምላሽ ቀን ቁረጥለት። ኮፒህ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልህ። ይሉኝታ ይዞን እዚህ ላይ እናፍራለን፤ አለቃም «እናያለን» ብሎ በቃል ይሸኘናል።

ፊርማው ብር ያወጣል። ደመወዝህ 12,000 ብር ነው እንበል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ያንተ 12,000 ሲደመር 20,000፣ ግብር ሳይቀነስ 32,000 ይሆናል። አሠሪው ጤናህን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ ዝም ካለ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለህ፤ የአንድ ወር ካሣ ተጨምሮ 44,000 ይደርሳል። ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለብህ፤ መብቱም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምክበት ያልፋል።

አሠሪው ግን «ቀስ በቀስ የመጣ ሳል ነው እንጂ የሚያሰጋ አደጋ የለም» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ያለ ሐኪም ወረቀትና ያለዚያ ፊርማ ይህን መንገድ አልመክርህም። የ30 ቀኑን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ ውጣ፤ ቀኖቹም ሌላ ሥራ መፈለጊያ ይሆኑሃል።

ጥረዛ ክፍል ካዛወረህና ትንፋሽህ ከተመለሰ ቆይ፤ የሚያሳምምህ እንጀራህ አይደለም፣ ክፍሉ ነው። ካላዛወረህ ግን «ለልጆችህ ስትል ቻለው» የሚሉህን አትስማ። ደረቱ የተጎዳ ሰው ሌላ ማተሚያ ቤትም አይቀጥረውም። ስትወጣ ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ እንዲታሰብልህ ጠይቅ። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መድረስ አለበት። ቢያጓትቱህ ክሱን ስድስት ወር ሳይሞላ አቅርብ።