ክብር ለአሞሌው ደራሲ

ባለፈው ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ሐረጎን እየወጣሁ ነበር። ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል። ከኋላዬ አንዲት እናት «መስኮቱን ዝጉት፣ በብርድ ልትፈጁን ነው!» እያሉ ይቆጣሉ። እኔ ጭኔ ላይ ወረቀት ዘርግቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ለአንድ ሥልጠና ማጠናቀቂያ ስለ ደም ግፊት የጻፈው ነው። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ አይተው ይስጡኝ» ብሎኝ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ይህን አገኘሁ፦

«ላቅ ያለ የቀይ ፈሳሽ ጫና ያለበት ግለሰብ በዕለት ከ5 ግራም የጎደለ አሞሌ መመገብ ይጠበቅበታል።»

ሳቄ አመለጠኝ። እናትየው «ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

እናንተ ግን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ይህን ጥበብ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ አይታችሁታል። ልጁ የገለበጠው ወረቀት «ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመከራል» ነበር የሚለው። ልጁ ዐረፍተ ነገሩን ፊቱ አስቀመጠ። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። ከፍተኛን አነሳ፣ ላቅ ያለን ተከለ። ደምን አነሳ፣ ቀይ ፈሳሽን አፈሰሰ። ጨው ጋ ሲደርስ ትንሽ ሳይጨነቅ አልቀረም። ከዚያ የአያቶቹን ገንዘብ አስታወሰና አሞሌ አለ።

አሞሌ! እስቲ አስቡት። አሞሌ ማለት እንደ ጡብ ተጠርቦ፣ በግመል ከአፋር በረሃ ወጥቶ፣ ድሮ በገበያ እንደ ብር ይመነዘር የነበረ ጨው ነው። የልጁን ምክር የሰማ በሽተኛ እንግዲህ በማለዳ ባቲ ወርዶ ግመል መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ሚስቱ ሽሮው ሲንተከተክ መጥረቢያ ይዛ ትወጣለች። ግን 5 ግራም ሊሞላ አይገባም ተብሏልና፣ መጥረቢያውን ጥላ ሞረድ ታነሳለች። እየሞረደች፣ እየመዘነች፣ እያስነጠሰች ትውላለች። ማታ ባልየው ሐኪም ቤት ሲሄድ ነርሷ «ዛሬ ስንት አሞሌ በሉ?» ትለዋለች። «ወላሂ፣ ሲስተር፣ ጥግ ጥጉን ብቻ ነው የላስኩት።» «የቀረውስ?» «በቀረውማ በሬ ገዛሁበት።» እኔ እንዲህ ዓይነት ምናብ የለኝም። አመሰግናለሁ።

ጥበቡ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2021 ሦስት ተመራማሪዎች፣ ካባናክ፣ ላቤ እና ማጋዚኖቭ፣ እንዲህ የተጣመሙ ሐረጎችን በሳይንስ መጽሔቶች ውስጥ እያደኑ አወጡ። በእንግሊዝኛ የጡት ካንሰር የሚለውን ቃል በቃል ቀይረው «የደረት አደጋ» የሚመስል ነገር ያደረጉ ጽሑፎች ነበሩ። ቃሉን የቀየረው ሐሳቡን አልነካም ብሎ ነው። የነካው ግን ሐሳቡን ብቻ ነው፤ የዐረፍተ ነገሩ አጥንት እንዳለ ቆሟል። በሰኞ ገበያ የተሰረቀ በግ ጸጉሩን ሸልተው ለባለቤቱ መልሰው ሲሸጡለት እንደማለት ነው። ባለቤቱ በቀንዱ ያውቀዋል።

የልጁን ሥራ በደንብ ስመረምር ደግሞ ጥበቡ ከአሞሌው በላይ ሆኖ አገኘሁት። ምንጩ «ይመከራል» ይላል። እሱ «ይጠበቅበታል» አለ። አንዲት ቃል ናት። ምክር በአንድ ቃል ትእዛዝ ሆነች። መቀየር የማይገባው የበሽታው ስም ተቀየረ። ሊቀየር ይገባ የነበረው የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሌላ ሰው ነው። ምንጩም አልተጠቀሰም። እንዲህ በአንድ ድንጋይ አራት ጥፋት የሚመታ ሰው ከየት ይገኛል?

ሁለተኛውን ዓይነት ጀግና ደግሞ ሳላመሰግን ባልፍ ይቀየመኛል። ይህኛው መዝገበ ቃላት አይነካም። ምንጩን አንድ ጊዜ ያነብባል፣ ይዘጋል፣ በኩራት ከጭንቅላቱ ይጽፋል። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ ግን ተመልሶ አይከፍተውም። «በራሴ አባባል ነው የጻፍኩት!» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። አባባሉስ የራሱ ነው፤ የተናገረው ግን የማንም አይደለም።

በዚያው ሥልጠና ከልጁ ጋር የተማረ አንድ ባለ ጥሩ ጭንቅላት ከተመሳሳይ ምንጭ የጻፈውን አይቻለሁ። ምንጩ ጨው መቀነስ በብዙ ሰዎች ላይ ግፊቱን ሊቀንስ ይችላል፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አይተካም ይላል። ባለ ጭንቅላቱ የጻፈው፦ «ጨው የተወ ሰው ግፊቱ ስለሚወርድ መድኃኒት አያስፈልገውም።»

እዚህ ጋ ቀልዴን ላቁም። መናፈሻ ሰፈር አክስት አለችኝ። በየማለዳው ኪኒኗን ትውጣለች። ኪኒን ታክቷታል፣ ሰበብ ትፈልጋለች። ይህ ወረቀት ተባዝቶ በየግድግዳው ቢለጠፍ፣ አንዱ ጎረቤት ቢያነብላት፣ ያን ኪኒን ነገ አትውጠውም። ከዚያ የሚመጣውን የሚሸከመው ማነው? አንተ ነህ? አንድ ደቂቃ ምንጩን መልሰህ ማየት አቃተህ? አንድ ደቂቃ! ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። «ትዝታዬ ጥሩ ነው» አትበለኝ። ትዝታህ ለአንተ ያዳላል። ረጅሙን ያሳጥራል፣ «ግን» የሚለውን ይጥላል፣ «ሊሆን ይችላል» የሚለውን «ነው» ያደርጋል። የሁላችንም እንዲያ ነው።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አሁን የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሰነፍ ወዳጄ ነው። ፒያሳ አካባቢ ቢሮዋ ውስጥ ለሰው ጽሑፍ ታዘጋጃለች። ሥራዋ ቀርፋፋ ነው። ያቺኑ አንቀጽ ሰጥቻት ምን እንደምታደርግ ተቀምጬ አየሁ። አንቀጹ ይህ ነበር፦

«ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች እንዳለባቸው የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ ሲመረመሩ ነው። ጨው መቀነስ በብዙ ሰዎች ላይ ግፊቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አይተካም።»

ሁለቴ አነበበችው። ወረቀቱን በግንባሩ ደፋችው። ተነስታ ቡና ጠየቀች። ስኒው እስኪመጣ ስለ ሌላ አወራን። ለምን እንደምትዘገይ ስጠይቃት «ቃላቱ ከዓይኔ እስኪጠፉ ነው» አለችኝ። «ሐሳቡ ከቀረ ገብቶኛል ማለት ነው። ካልቀረ አልገባኝም፣ መልሼ አነባለሁ።» ቀኑን ሙሉ ግን አታቆየውም፤ ነገ የምታስበው የራሷ ይሁን የጸሐፊው አትለይም። ከአንድ አንቀጽ በላይም በአንዴ አትይዝም።

ከዚያ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈች፤ ከመሃል ጀምራ። «ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው፤ የሚያም ነገር ስለሌለው። ጨው የቀነሰ ሰው ግፊቱ ይወርዳል፤ ኪኒኑን ግን መተው የለበትም።»

እኔ ደስ አለኝ። «በቃ፣ ይሄው!» አልኳት። እሷ ግን ወረቀቱን ገለበጠች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ እስክሪብቶ ያዘች። ከቃላት አልጀመረችም፤ ከትናንሽ ነገሮች ጀመረች። ምንጩ «አንዳንድ ሰዎች» ይላል፣ እሷ «ብዙ ሰው» ብላለች። ሰረዘች። ምንጩ «ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም» ይላል፣ እሷ ጭራሽ «የለውም» ብላለች። ሰረዘች። ምንጩ «ሊቀንስ ይችላል» ይላል፣ እሷ «ይወርዳል» ብላ ቃል ገብታለች፤ ያውም «በብዙ ሰዎች ላይ» የሚለውን ጥላ። ይህንንም ሰረዘች። ሐሳቡን ተረድታ ጽፋው እንኳ ሦስት ቦታ ላይ ጸሐፊውን ያላለውን አስብላዋለች። ሦስቱም ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ ናቸው፦ ከጸሐፊው ይልቅ እርግጠኛ ሆና ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ ለቃላት አየችው። ተከታትለው የመጡ የጸሐፊው ቃላት ይኖሩ እንደሆነ በጣቷ ፈለገች። ካገኘች ትቀይራለች፤ መቀየሩ ትርጉም የሚያበላሽ ከሆነ ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ታስገባዋለች። «ከፍተኛ የደም ግፊት» የሚለውን ግን ወደ ጽሑፏ መልሳ አስገባችው። «እሱ ስሙ ነው፤ ስም አይሰረቅም» አለች። መጨረሻ ላይ ይህን ጻፈች፦

«ለሌላ ነገር ሐኪም ቤት ሄዶ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለበት የሚነገረው ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስለማይሰማው ነው። ጨው ማሳነስ ብዙዎችን ሊረዳ ቢችልም፣ ኪኒን የታዘዘለት ሰው በኪኒኑ ፋንታ ሊያደርገው አይገባም።»

ከጎኑ ምንጩን አስቀመጠች። «አባባሉ ያንቺ ከሆነ ለምን?» አልኳት። «አባባሉ የኔ ነው፣ ነገሩን ያወቀው እሱ ነው» አለችኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ለሦስት ዐረፍተ ነገር! በዚህ ጊዜ የአሞሌው ደራሲ ሙሉ ገጽ ይጨርስ ነበር።

ልጁን ማታ አገኘሁት። ጫፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ምንጩን ዝጋና ጻፍ፤ ከዚያ ከፍተህ አስተያይ» ብዬ ጽፌለት ነበር። «አብሽር ጋሼ፣ ነገ አስተካክዬ አመጣለሁ» አለኝ። ቃሉን ጠበቀ፣ በማግስቱ አዲስ ታትሞ አመጣው። ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። አሞሌው እዚያው ነው። ከሥሩ አንድ አዲስ ዐረፍተ ነገር ተጨምሯል፦

«ስለሆነም ታማሚው መነሻውን ቆልፎ መክተብ፣ ቀጥሎም በርግዶ ማነጻጸር ይጠበቅበታል።»