መቶ በመቶ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይደለም

«ስድስቱም ፊደል መቶ በመቶ ከኤችአይቪ ጋር ከገጠመ፣ እንዴት በአጋጣሚ ነው ይባላል?»

ይህን ጥያቄ ከኮሮና ወረርሽኝ መጀመሪያ አንስቶ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ነገሩን በቅንነት ለመረዳት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በወጉ ሊመለስላቸው ይገባል።

የኮሮና ቫይረስ ከኤችአይቪ በተወሰዱ ቁራጮች በሰው እጅ ተሠርቷል የሚለው ወሬ የተነሣው ጥር 31 ቀን 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በኒው ደልሂ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ገና በሌሎች ባለሙያዎች ያልተገመገመ ጽሑፍ ባዮአርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አወጡ። የአዲሱ ቫይረስ የሾህ ፕሮቲን በመጀመሪያው የሳርስ ቫይረስ ላይ የማይገኙ አራት አጫጭር ጭማሪዎች እንዳሉት፣ እነዚህም ከኤችአይቪ ፕሮቲኖች ጋር እንደሚመሳሰሉ ገለጹ። ከአራቱ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ስድስት አሚኖ አሲድ ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በአንድ ፊደል ይጻፋል። የመጀመሪያው፣ ቅደም ተከተሎችን በሚያነጻጽረው ብላስት በተባለ ፕሮግራም ሲታይ ይህን ይመስላል፦

```
Query  TNGTKR
       TNGTKR
Sbjct  TNGTKR
```

ላይኛው መስመር የኮሮና ቫይረሱ፣ ታችኛው ጂፒ120 የተባለው የኤችአይቪ የላይኛው ፕሮቲን ቁራጭ ነው። መሐል ላይ ያለው የገጠሙትን ፊደላት ያሳያል። ሁሉም ገጥመዋልና `Per. Ident` በሚለው ዓምድ ሥር 100% ይነበባል። ይህ ቁጥር ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው ቁጥሩ ተነጥሎ በወጣበት መንገድ ላይ ነው።

የተመሳሳይነት መቶኛ የሚለካው ጎን ለጎን በተሰለፈው ቁራጭ ውስጥ ብቻ ነው። ቁራጩ ስድስት ፊደል ይሁን ስድስት መቶ፣ መቶኛው አይነግረንም። ስለዚህ ብላስት ከጎኑ ሌላ ዓምድ ያስቀምጣል፤ እርሱም ኢ-ቫልዩ ነው። ይህ ቁጥር የሚመልሰው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ በዚህ ስፋት ያለውን የመረጃ ቋት ስንፈትሽ፣ ምንም ዝምድና ሳይኖር በዕድል ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የተሻለ ውጤት ያላቸው ስንት ግጥሚያዎች እንጠብቃለን? ኢ-ቫልዩ ከ0.001 በታች ሲሆን ዕድል ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር አያመጣም ማለት እንጀምራለን። አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የሚያስደንቅ ነገር የለም።

እስኪ በስድስቱ ፊደላት ላይ እናስላው። ፕሮቲን የሚሠራው ከሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። ስድስት ቦታ ላይ የሚቻሉት ቅንብሮች ሃያ በራሱ ስድስት ጊዜ ሲባዛ፣ ማለትም 64 ሚሊዮን ናቸው። የመረጃ ቋቱ 100 ቢሊዮን ፊደል አለው ብንል፣ አንዱ የተመረጠ ቅንብር በዕድል ብቻ 1,500 ጊዜ አካባቢ ይገኛል። አሚኖ አሲዶች በእኩል መጠን ስለማይገኙና ቋቱ ውስጥ ተደጋጋሚ ፕሮቲኖች ስላሉ ስሌቱ ግምት ነው፤ ነገር ግን መጠኑን ያሳያል። ጥያቄው «እንዴት ተገኘ?» መሆን የለበትም። ባይገኝ ነበር የሚገርመው። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ጭማሪዎቹን ሲፈትሹ በሌሎች ፍጥረታት ፕሮቲኖች ላይም ተመሳሳይ ቁራጮች አግኝተዋል።

«ታዲያ ለምን ሌላ ቫይረስ ሳይሆን ኤችአይቪ ወጣ?» የሚል ይኖራል። ሁለት ምክንያት አለ። ኤችአይቪ ለአሥርት ዓመታት ቅደም ተከተሉ እጅግ ብዙ ጊዜ የተነበበ ቫይረስ ነው፤ በመረጃ ቋቶች ውስጥ የገባው ናሙና እጅግ ብዙ ነው። ግጥሚያ የታየባቸው የጂፒ120 ክፍሎች ደግሞ ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው በፍጥነት የሚለዋወጡት ናቸው፤ ብዙ ዓይነት ቅንብር ስለያዙ የፈለጉትን አጭር ቃል ማግኘት አይቸግርም። ሁለተኛው ባዮሎጂያዊ ነው። ከላይ ባለው ቅንብር ውስጥ NGT የሚለውን ሦስት ፊደል ይመልከቱ። ስኳር የሚጣበቅበት ምልክት ነው፤ N፣ ከዚያ አንድ ሌላ አሚኖ አሲድ፣ ከዚያ S ወይም T። ሁለቱም ቫይረሶች የላይኛውን ፕሮቲናቸውን በስኳር ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ ይህ ምልክት በሁለቱም ላይ በብዛት መታየቱ ዝምድና አይጠይቅም።

ሦስተኛውና አራተኛው ጭማሪ ላይ ደግሞ ግጥሚያው እንዲሳካ ክፍተት ማስገባት አስፈልጎ ነበር። ግጥሚያዎቹም የአንድ ኤችአይቪ ዝርያ አልነበሩም፤ ከተለያዩ ናሙናዎች የተለቀሙ ናቸው።

ለሚፈትሹ ሁሉ አንድ ወጥመድ ልጠቁም። የብላስት ድረ ገጽ አጭር ቅደም ተከተል ሲሰጠው የፍለጋ ማስተካከያዎቹን ራሱ ይለውጣል፤ የኢ-ቫልዩ ገደቡንም እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ያን ባያደርግ ኖሮ መልሱ `No significant similarity found` በሆነ ነበር። ስለዚህ በአጭር ፍለጋ ዝርዝር መውጣቱ ራሱ ምንም አያረጋግጥም። ሌላው፣ ኢ-ቫልዩ ከቋቱ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል። ያንኑ ስድስት ፊደል አንድ ሺህ ጊዜ በሚያንስ ቋት ውስጥ፣ ለምሳሌ በኤችአይቪ ፕሮቲኖች ብቻ፣ ብትፈልጉት ቁጥሩም አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል። ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም፤ የፈለጋችሁበት ቋት ብቻ ጠበበ። በየትኛው ቋት እንደተፈለገ ያልተነገረበትን ኢ-ቫልዩ እኔ አልቀበልም።

አሁን ሙሉውን ፕሮቲን እንውሰድ። የሾህ ፕሮቲኑ 1,273 አሚኖ አሲድ ነው። ከመጀመሪያው የሳርስ ቫይረስ የሾህ ፕሮቲን ጋር ሲሰለፍ የተመሳሳይነት መቶኛው 76 አካባቢ ሲሆን፣ ኢ-ቫልዩው 0.0 ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ መጻፍ እስከማይችል ድረስ አንሷል። ሰማንያ እንኳ ያልሞላ መቶኛ፣ ግን ከ100% እጅግ የበለጠ ማስረጃ፤ ምክንያቱም ከሺህ በላይ በሆኑ ቦታዎች ላይ የተዘረጋ ነው። ከሌሊት ወፍ ከተገኘው RaTG13 ከተባለው ቫይረስ ጋር ደግሞ 97% ይገጥማል። አዲስ ከተባሉት አራት ጭማሪዎች ሦስቱ፣ ከጥቂት ፊደል ልዩነት በቀር፣ እዚያው ቦታ ላይ አሉ። ለንጽጽር የተመረጠው ዘመድ ሩቅ ስለነበር ነው አዲስ የመሰሉት።

በተቃራኒው ዝቅተኛ መቶኛን አይቶ ዝምድና የለም ማለትም ስሕተት ነው። የሰው ማዮግሎቢንና የሄሞግሎቢን አልፋ ሰንሰለት የሚገጥሙት ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ከአንድ ጥንታዊ ፕሮቲን የመጡ ናቸው፤ ቅርጻቸውም ይመሰክራል።

የኒው ደልሂዎቹ ጽሑፍ በወጣ በቀናት ውስጥ በራሳቸው በጸሐፊዎቹ ተስቧል። ወሬው ግን አልቆመም። ኤችአይቪን በማግኘት የኖቤል ሽልማት የተጋራው ሉክ ሞንታኚዬ በሚያዝያ 2020 በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ያንኑ ደገመው፤ ከዚያ በኋላ ማስተባበል እጅግ ከባድ ሆነ። ለዚህ ነው ስለ ቫይረስ መመሳሰል የሚዘግብ ጋዜጠኛም ሆነ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ሰንጠረዥ የሚያስገባ ተማሪ መቶኛውን ብቻውን እንዳያወጣ አጥብቄ የምለምነው። የተሰለፈው ርዝመት፣ ከጠቅላላው የተሸፈነው ክፍል፣ ኢ-ቫልዩውና የተፈለገበት ቋት አብረው ይጻፉ። በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ሰው ከቋቱ ስም በቀር ሁሉንም በዚህ ያገኛል፦

```
blastp -query spike.fa -db nr -remote \
  -outfmt "6 sacc pident length qcovs evalue"
```

አራተኛው ጭማሪ RaTG13 ላይ የለም። እርሱ ፉሪን የተባለ ኢንዛይም ፕሮቲኑን የሚቆርጥበት ቦታ ነው፤ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩ ግን ክፍተት ገብቶበት ከኤችአይቪ ጋግ ፕሮቲን ጋር በተሰለፉ ጥቂት ፊደላት ሊፈታ አይችልም። የሚያስፈልጉት ከዱር እንስሳት የሚሰበሰቡ የቅርብ ዘመድ ቫይረሶች ናቸው፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ የሚሰለፉ።