ሁለት መቶ «እመጣለሁ»

ባለፈው ወር ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ለጀማሪ ነጋዴዎች ነፃ ስልጠና አዘጋጀን። 200 ሰው ተመዘገበ። 200 ወንበር ደረደርን፣ ለ200 ሰው ምሳ አዘዝን። የመጣው 74 ነው። አለቃችን ባዶ ወንበሮቹን አየና «የሐዋሳ ሰው እኮ ቃል አያከብርም» ብሎ ፈረደ።

እኔ የሐዋሳ ሰው ነኝ። ተናድጄ ዝርዝሩን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ደግነቱ ሦስት የተለያየ የመመዝገቢያ ሊንክ ነበረን፤ አንዱ ለቴሌግራም፣ አንዱ ለበራሪ ወረቀት፣ አንዱ በስልክ ደውለን ለጋበዝናቸው። «ከየት ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስተማምንም፤ የቸኮለ ሰው የመጀመሪያውን ምርጫ ነክቶ ያልፋል።

በር ላይ የፈረመውን ከተመዘገበው ጋር ማመሳከር ግን ጉድ ነው። አንዷ ስትመዘገብ «ፀሐይ» ናት፣ በር ላይ «ጸሀይ»። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው አለ። ሻይ የጠጣችው ግን አንድ ናት። ስሙን ትተን በስልክ ቁጥር ስናመሳክር ነው የተገላገልነው። ያኔ 11ዱ ጭራሽ ያልተመዘገቡ፣ ጓደኛ ጎትቶ ያመጣቸው ሆነው ተገኙ። እነሱን ካልቀነስን የቀረውን ሰው ይሸፍኑልናል። ከተመዘገበው የመጣው እንግዲህ 63 ብቻ ነው።

በስልክ ከተጋበዙት 30 ሰዎች 22 መጥተዋል። በእርግጥ የምናውቃቸው ናቸው፤ ይሉኝታም ይዟቸው ይሆናል፣ ስለዚህ ስልኩን ብዙ አላመሰግንም። ከበራሪ ወረቀቱ 40 ተመዝግበው 20 መጡ። ቴሌግራም 130 አስመዝግቦ ያመጣው 21 ነው! አለቃችን ሰኞ ሰኞ የሚኩራራበት ቁጥር ይኸው ነበር።

ሁለቱን ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ወረቀቱ «የገቢና ወጪ መዝገብ አያያዝ፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል። የቴሌግራሙ «ነፃ ምሳ! ሰርተፊኬት!» ብሎ ይጮሃል። የስልጠናው ርዕስ ከታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ነው። ለሰርተፊኬት ብሎ የተመዘገበ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ስለ መዝገብ አያያዝ ሲያነብ ተመልሶ ቢተኛ ምን ይገርማል? ደግሞም የለጠፍነው ከአራት ሳምንት በፊት ነው፤ አንድም ማስታወሻ አልላክንም። እድር የቀረን ሰው ይቀጣል፤ እኛ ጋ መቅረት በነፃ ነው።

ወንበር እየሰበሰብን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስምንት ሰዎች፣ ሁሉም ከቴሌግራም። ከሰዓት በኋላ፣ ልክ 9 ሰዓት።

ፊት የነበረው ልጅ ስልኩን ለአለቃችን ዘረጋለት። ማስታወቂያው ላይ «9:00» ይላል። ጠዋት የለ፣ ማታ የለ። ዲዛይነራችን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የጻፈው።

«ጋሼ፣ ሰዓት አክብረን ነው የመጣነው» አለ ልጁ። «ምሳው አለ?»

ነበር። ለ126 ሰው።