ዞሮአስትራውያን እሳት አያመልኩም፣ ሬሳም አያቃጥሉም

ስለ ዞሮአስትራውያን፣ ስለ ጥንታዊው የፋርስ ሃይማኖት ተከታዮች፣ «እሳት አምላኪ ከሆኑ ሬሳቸውን ለምን አያቃጥሉም?» ላልከው፦

ወንድሜ፣ የሚያመልኩትማ ፈጣሪ የሚሉትን አሁራ ማዝዳን ነው። እሳት የእሱ ብርሃንና የእውነት ምልክት ስለሆነ ሲጸልዩ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፤ እሳት ከሌለ ፀሐይም መብራትም ይሆናል።

ሬሳ የማይቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። በነሱ ትምህርት ሞት ከፈጣሪ የመጣ ነገር አይደለም። የክፉው መንፈስ፣ የአንግራ ማይንዩ ጥቃት ነው። ሰው ሲሞት አስከሬኑን ርኩስ መንፈስ ይይዘዋል ይላሉ፣ ስለዚህ ሬሳን እሳት ውስጥ መክተት የክፉውን ሥራ ወስዶ በመልካሙ ፍጥረት ላይ መጫን ነው። ካህኑ እንኳ እሳቱን ሲያገለግል ትንፋሹና ምራቁ እንዳይነካው አፉን በነጭ ጨርቅ ይሸፍናል። ሬሳማ አስበው!

አፈርና ውሃም ንጹሕ ናቸው። ለዚህ ነው ሬሳውን ከፍ ባለ ክብ ግንብ ላይ ለአሞራ የሚተዉት። ያዝድ ከተማ አጠገብ ግንቦቹ ዛሬም አሉ፣ ግን ኢራን ውስጥ ልማዱ ቀርቷል። አሁን አፈሩን እንዳይነካ በሲሚንቶ በተለበጠ መቃብር ይቀብራሉ።

ሙምባይ ላይ ግን ነገሩ ተወሳስቧል። ለከብት ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ የሕንድን አሞራዎች ፈጃቸው፤ የሞተ ከብት በልተው ነው የተመረዙት። ግንቡ ላይ ሬሳ ቶሎ አላልቅ ሲል አንዳንድ ፓርሲዎች፣ ማለትም የሕንድ ዞሮአስትራውያን፣ አስከሬን ማቃጠል ጀመሩ፣ ብዙዎቹ ካህናት ደግሞ ለተቃጠለ ሰው ጸሎት አናደርግም አሉ። እኔ ለቤተሰቦቹ አዝናለሁ፤ በካህናቱ ግን አልፈርድም፣ ከትምህርታቸው አንጻር ሌላ ምን ይበሉ?