«ንጹህ ማር» ከማለት የተቆረጠበትን ወር መጻፍ ይሻላል

«ማራችን የተቆረጠው ጉና ተራራ ሥር ካሉ ቀፎዎች ብቻ ነው። ባሕር ዳር ስናደርሰው ግን ከሌላው ማር ተለይቶ አይታይም። ጠርሙሱ ላይ ምን ብንጽፍ ነው ሰው የሚያምነን?» — የአንድ ንብ አናቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ

ያሳዩኝ የመለያ ናሙና ላይ በትልቁ «100% ንጹህ የተፈጥሮ ማር» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ የንብ ሥዕልና ስልክ ቁጥር አለ። ይህንኑ ጽሑፍ ስኳር የቀላቀለ ነጋዴም ይለጥፈዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን ይህን መስመር አውጥቼ፣ ያ ነጋዴ ሊጽፈው የማይችለውን አስገባበታለሁ፤ የተቆረጠበትን ቦታና ወር።

«ከጉና ተራራ ሥር፣ ደቡብ ጎንደር፤ በኅዳር 2018 የተቆረጠ» ማለት ይበቃል። ኅዳር ሲባል ማር የሚያውቅ ሰው የመስከረምን አበባ ያስባል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማኅበሩ አባላት «የአደይ አበባ ማር» ብለው ሊጽፉ ፈልገው ነበር። ንብ ግን በዚያ ሰሞን ከአደይ ብቻ ሳይሆን ከመች አበባም፣ በአካባቢው ከፈካው ከሌላውም ትቀስማለች። ማሩ በአብዛኛው ከአንድ አበባ ነው ለማለት በቤተ ሙከራ የጽጌ ብናኙ ተቆጥሮ መታየት አለበት። ያ እስኪሆን ድረስ «ከአደይ አበባ ወቅት በኋላ የተቆረጠ» ቢሉ እውነት ነው፤ ማሩንም አያሳንሰውም።

ከሁሉ በላይ ማኅበሩን ገዢ የሚያሳጣው የማሩ መርጋት ነው። ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ጠርሙስ አንስተው አዘነበሉት። ከሥሩ ነጣ ያለ ጠጣር ነገር አዩና «ስኳር ነው» ብለው መለሱት። ማሩ ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ማር በውስጡ ግሉኮስ የሚባል ስኳር አለው፤ እሱ ሲበዛ፣ አየሩም ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የረጋ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ መርጋቱ ብቻውን ግን የማጭበርበር ምልክት አይሆንም። ሻጩ ይህን ለማስረዳት ሁልጊዜ እዚያ ስለማይኖር ጠርሙሱ ራሱ ይናገር፦ «ይህ ማር ሲቆይ ይረጋል። ለማቅለጥ ጠርሙሱን እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ያቆዩት፤ እሳት ላይ አይጣዱት።» ከፊት ለፊት ባይሆንም፣ ገዢው ሲያዘነብለው ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። የማር እንጀራው በሰም ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውኃው ይበዛል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው ውኃ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ከዚያ ያለፈው ይቦካል፤ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል፣ ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋል። እንዲህ ያለውን ማር የሚያድነው መለያ የለም። የውኃ መለኪያ መሣሪያ ካላቸው ከማሸጋቸው በፊት እያንዳንዱን በርሜል ይለኩ፤ ከሌላቸው ደግሞ ያልተከደነውን እንጀራ ከጅምሩ ይለዩት።

ክብደቱ ላይም አንድ ነገር ልበል። ማር ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 700 ግራም ያህል ይይዛል። መለያው ላይ የሚጻፈው ያለ ጠርሙሱ የተመዘነው የማሩ ክብደት ነው። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳይሰጥ የሚል መስመርም ይጨመርበት፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ ሕፃናትን በጽኑ ሊያሳምም ይችላል።

ከጀርባ ለሚሆነው ታሪክ ደግሞ እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደው ጣና ይገባሉ። እኛ ንብ የምናነባው ከዚሁ ተራራ ሥር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፤ ንቦቻችን እስከ ኅዳር ይቀስማሉ። እንጀራው በሰም ሲከደን ቆርጠን፣ አጣርተን እናሽገዋለን። ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር ማሩ ከየትኛው አባላችን ቀፎ እንደተቆረጠ ይነግረናል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እውነት እንዲሆን ሥራ ይጠይቃል። አባላት ማራቸውን ሲያስረክቡ ስም፣ ቀንና ኪሎ በመዝገብ ይጻፋል፤ በርሜሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ክዳኑ ላይ ይታተማል። ገዢ «ይህኛው ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ ቢደውል ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጠው ማን ጭስ እንዳበዛ ያገኙታል። የበርካታ አባላት ማር አንድ በርሜል ውስጥ ከተገላበጠ ግን ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣ።

ጥር ላይ ማሩ አልቆ ደንበኛ ሲጠይቅ ከሌላ ወረዳ ገዝቶ መሙላት ያጓጓል። ለዚህ ነው ጸሐፊዋን መለያ በጅምላ አታሳትሙ ያልኳቸው። ዘንድሮ 400 ጠርሙስ ከታሸገ 400 መለያና ለተበላሸ ምትክ የሚሆን ጥቂት ይታተም፤ የተረፈውም ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ይቆለፍበት።