ማስተካከያ፦ ፕሬድኒሶሎንና ትኩሳት

«ትኩሳት ከያዛችሁ ፕሬድኒሶሎን አቁሙ፤ ኢንፌክሽን ያባብሳል።»

ባለፈው የጻፍኩት ይህ ስህተት ነው። የሆርሞን ሐኪሞች መመሪያ ተቃራኒውን ይላል።

ፕሬድኒሶሎን የስቴሮይድ ክኒን ነው፤ ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት ሆርሞን ይተካል። ክኒኑን ከ4 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው፣ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል ማምረት ሊተዉ ይችላሉ። ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ሰውነት የሚፈልገው ኮርቲሶል ይጨምራል። ለቁርጥማት በቀን 5 ሚሊግራም የምትወስድ እናት ትኩሳት ከያዛት፣ እስኪሻላት ጠዋት 5 ማታ 5 ትወስዳለች። ከዚያ ወደ ድሮው ትመለሳለች። በቀን 10 እና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ መጨመር አያስፈልገውም። መዝለል ግን የለም።

ደጋግሞ ካስመለሳት ክኒኑ ሆዷ ውስጥ አይቆይም። እንዲህ ከሆነ፣ ወይም ከተዝለፈለፈች፣ ካዞራት ወይም ከቃዠች ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ እዚያ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ ይሰጣታል። «ስቴሮይድ ትወስዳለች» ማለትን እንዳትረሱ።

የእኔን ጽሑፍ አይታችሁ ክኒኑን ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ጀምሩትና ለሐኪማችሁ ደውሉ።