ከአሜሪካ የላክሁት ስክራብና የእህቴ ልጅ ጉንጭ

ከ11 ዓመት በኋላ ባለፈው ጥር ጅማ ስገባ፣ የእህቴን ልጅ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ወጥቶባት አገኘኋት። ምን እንደምትቀባ ብጠይቃት «ምንም፤ በየቀኑ እፈትገዋለሁ እንጂ» አለችኝና አንድ ባዶ የስክራብ፣ የፊት መፈተጊያ ክሬም፣ ቱቦ አመጣች። ከሁለት ዓመት በፊት በሰው እጅ የላክሁላት እኔው ነበርኩ። እሱ ሲያልቅባት የቡና አተላ ከስኳር ጋር እየለወሰች ቀጥላበታለች፤ ጅማ ላይ መቼም አተላ አይታጣም።

በስክራቡ ውስጥ ያለው የተፈጨ የፍሬ ቅርፊትም ሆነ አተላው፣ ቅንጣቱ ወጣ ገባ ጠርዝ አለው። የፊታችን የላይኛው ሽፋን ከወረቀት የሳሳ ስለሆነ፣ በየቀኑ ሲፈተግ ይጫጫራል፣ ይቆጣል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ቀለም ያመነጫል፤ ስለዚህ ልጅቱ ነጠብጣቡን ለማጥፋት በፈተገች ቁጥር ነጠብጣቡን ትጨምረው ነበር። እኔ በምኖርበት አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሕግ ከሚታጠብ መዋቢያ ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን ከልክሏል፤ የታሰበው ግን ቅንጣቱ ለሚገባበት ለወንዝና ለሐይቅ ውኃ እንጂ ለቆዳው አልነበረም፤ የቅርፊቱ ስክራብ ዛሬም በመደርደሪያ ላይ አለ። እኛም «ከአሜሪካ የመጣ» ብለን በሻንጣ እናጭቀዋለን።

እዚያው መደርደሪያ ላይ ከስክራቡ አጠገብ የሚሻለው ነገር ተቀምጧል። ላክቲክ አሲድ የሞቱትን የቆዳ ህዋሳት አጣብቆ የያዘውን ነገር ያላላል፤ ስለዚህ ያለ ፍትጊያ ይረግፋሉ። ለጀማሪ 5 በመቶው ይበቃል፤ ማታ፣ ፊት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀባል፤ ከዚያም ተራ ማለስለሻ ክሬም ይደረብበታል። ፊቱ ቅባታም ሆኖ ብጉር ለሚያስቸግረው፣ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ቀዳዳው የሚዘልቀው 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ይሻላል፤ አስፕሪን የማይስማማው ሰው ግን አይንካው። አሲድ ቆዳውን ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ፣ ቀን ቀን የSPF ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሳንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ግድ ነው፤ እሱን የማይገዛ ሰው አሲዱንም ባይገዛ ይመረጣል።

ያናደደኝ ሌላው ነገር፣ በዞርኩባቸው ሱቆች «ፊት ያጠራል» ተብሎ የቀረበልኝ ብልቃጥ የአሲዱ ስምም መጠኑም ያልተጻፈበት መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለቱ ያልተጻፉበትን አለመግዛት ነው። 30 በመቶ የሚል ካለም እሱ የሐኪም እጅ የሚፈልግ እንጂ የቤት አይደለም።

ለእህቴ ልጅ ግን አሲዱንም ወዲያው አልሰጠኋትም። ተራው ክሬም ሳይቀር ያቃጥላት ስለነበር፣ ቆዳዋ መጎዳቱ ግልጽ ነበር። ማቃጠሉ እስኪቆም ድረስ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ክሬምና ሳንስክሪን ብቻ አልኳት። ከአራት ሳምንት በኋላ ስደውልላት ማቃጠሉ ቆሟል፤ ነጠብጣቡ ግን ለመደብዘዝ ወራት ይፈልጋል። «ጋሼ፣ ታዲያ አተላውን ምን ላድርገው?» ብትለኝ፣ ጓሮ ድፊው አልኳት።